ከቦርድ ወንበር ለምትነሡ

እኩዮቼ ሆይ፤ የድርጅቱን የዕለት ሥራ ሳንይዝ በአክሲዮን ማኅበር ቦርድ ውስጥ የተቀመጥን ጥቂት አይደለንም። ዛሬ ዛሬ ነገሩ ሳያምረን ሲቀር «በግል ምክንያት» የሚል ባለሁለት መስመር ደብዳቤ ጥሎ መውጣትን እንደ ጨዋነት ስንቆጥረው አያለሁ። የዚህን መንገድ መጨረሻ ስላየሁት ዝም ማለት ከበደኝ።

የቅርብ ወዳጄ በነበረበት ቦርድ፣ ዕቃ እንዲያቀርብ ለሰብሳቢው ዘመድ ያለ ዋስትና ከፍ ያለ ቅድመ ክፍያ ተፈቀደ። ወዳጄ ተቃወመ፤ የተቃወመው ግን በቃል ነበር። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብሎ ሲመጣለት ለሰላም ሲል ፈረመበት፤ ግንቦት ላይ ጤናውን ምክንያት አድርጎ ለቀቀ። ዕቃው አልመጣም፣ ገንዘቡም አልተመለሰም። ባለአክሲዮኖች ሲከሱ የእርሱም ስም ከሌሎቹ ጋር ተጻፈ። ያኔ ጸንቶ የነበረው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በአንቀጽ 364፣ ጥፋት የሌለበት የቦርድ አባል ከኃላፊነት የሚድነው ተቃውሞውን ሳይውል ሳያድር በቃለ ጉባኤው መዝገብ አስፍሮ ለኦዲተሮቹም እንዲደርስ ሲያደርግ ነው ይል ነበር። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢተካም፣ ያልተጻፈ ተቃውሞን ለዳኛ ማስረዳት ያኔም ዛሬም ጭንቅ ነው። የጤና ደብዳቤውማ አባሰበት፤ ቅሬታ ቢኖረው ኖሮ ያኔ በጻፈው ነበር ተባለ።

ስለዚህ መውጣት የመጨረሻው እርምጃ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አይሁን። አስቀድሞ ተቃውሞው በጽሑፍ ይግባ፣ ኦዲተሩም ይወቀው፤ ቦርዱ አልሰማ ካለ፣ ምክንያቱን በተመጠነ ቃል የያዘ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና ቀኑን የጠቀሰ ደብዳቤ ለሰብሳቢው ይድረስ፤ ለቦርዱ ተነብቦ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርም ይጠየቅ። ሒሳቡ ሰኔ 30 ተዘግቶ ጠቅላላ ጉባኤው እስኪጠራ ባለው ጊዜ ድንገት መጥፋት፣ ቀሪዎቹን ምልአተ ጉባኤ ሊያሳጣ፣ የወጣውንም ሸሸ ሊያሰኝ ይችላልና ጊዜውን መርምሩ። ቢሆንም ሐሰት መሆኑን ያወቃችሁትን ሒሳብ ለመፈረም ብላችሁ አትቆዩ።

ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ወዳጄ የተበደለ መስሎት፣ ድርጅቱ ከባንክ ጋር የጀመረውን የብድር ድርድር ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አወጋው፤ ወሬው ከተወዳዳሪ ጆሮ ደረሰ፣ እውነተኛ ቅሬታውም በወሬኛነት ስም ተሸፈነ። ወንበሩን ብንለቅም በወንበሩ ያወቅነው የእኛ አይሆንም። ሰነዱ ለቦርዱ ጸሐፊ በርክክብ ይመለስ፤ በስልካችን የቀረውም ይጥፋ። ኦዲተር ወይም ፍርድ ቤት በሕግ ሲጠይቅ እውነቱን መመለስ ምስጢር ማባከን አይደለም፤ ድንኳኑ ግን ችሎት አይደለም።

ደብዳቤያችሁ ገና ከእጃችሁ ካልወጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ያለፉትን ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ አስመጥታችሁ ስማችሁ ከየትኛው ውሳኔ ሥር እንዳለ አንብቡ።