ሚዛኑ ወዴት ያዘነብላል? በሌ ሻተሊየ ደንብ ላይ የቀረበ ሙግት

ሚዛን ላይ የደረሰ ኬሚካዊ ለውጥ የቆመ ይመስላል እንጂ አይቆምም፤ መነሻዎቹ ወደ ውጤት፣ ውጤቶቹም ወደ መነሻ በእኩል ፍጥነት ስለሚለወጡ የእያንዳንዱ መጠን ባለበት ይረጋል። ይህን እርጋታ የኮንሰንትሬሽን፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኝ የሞል ብዛት፣ ወይም የግፊት ወይም የሙቀት ለውጥ ሲነካው ምን እንደሚከተል ለማስረዳት የሚዘጋጁ ስላይዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦንሪ ሌ ሻተሊየ እ.ኤ.አ. በ1884 ካቀረበው ደንብ ነው። ስላይዱ ከደንቡ ይጀምር ወይስ ከሌላ ነገር በሚለው ላይ ሁለት ጸሐፊዎች ተለያይተዋል፤ የመጀመሪያው ተማሪዎችን ለፈተና በማዘጋጀት የኖረ መምህር ሲሆን ሁለተኛው የጋዞችን ኬሚስትሪ ያጠና ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ ደንቡ ይቅደም

ደንቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ሚዛን ላይ ያለ ሥርዓት ከውጭ ለውጥ ሲደርስበት፣ የደረሰበትን ለውጥ ወደሚቀንስ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን አሞኒያ የሚሆኑበት ለውጥ፣ N₂ + 3H₂ ⇌ 2NH₃፣ የዚህን ዓረፍተ ነገር ጉልበት በሚገባ ያሳያል። ሃይድሮጅን ቢጨመር ሥርዓቱ የተጨመረውን ለመፍጀት ወደ አሞኒያ ይሄዳል፤ ግፊት ቢጨምር አራት ሞል ጋዝ ወደ ሁለት ሞል የሚወርድበትን አቅጣጫ ይመርጣል፤ ሁለት ሞል አሞኒያ ሲሠራ 92 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ስለሚወጣም፣ ዕቃው ቢሞቅ ሙቀት ወደሚዋጥበት ወደ ግራ ይመለሳል። ሙቀትን እንደ አንድ ውጤት ቆጥሮ ከቀስቱ በስተቀኝ መጻፍ ብቻ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1913 በጀርመን ኦፓው ሥራ የጀመረው የአሞኒያ ፋብሪካ ከፍተኛ ግፊት የተጠቀመበት ምክንያትም በዚሁ ደንብ ይገለጻል። ሙቀቱ ግን ደንቡ እንደሚመክረው ዝቅ አላለም፤ በዝቅተኛ ሙቀት ለውጡ እጅግ ስለሚዘገይ ፋብሪካዎች እስከ ዛሬ በ400 እና በ500 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይሠራሉ። ይህ የደንቡ ጉድለት አይደለም፤ ደንቡ ስለ አቅጣጫ እንጂ ስለ ፍጥነት ተናግሮ አያውቅም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አቅጣጫ እንዲናገር ለሚጠየቅ ተማሪ ገና ከመነሻው የስሌት ቀመር ማሸከም መንገዱን ያለ ጥቅም ማስረዘም ነው።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ደንቡ የሚያሳስትበት ስፍራ

ሙግቱ ስሌት ይብዛ ወይስ ይቀነስ የሚል አይደለም። ጥያቄው ሥርዓቱ በእርግጥ የሚመራው በምንድን ነው የሚል ነው፤ መልሱም በሁለት ቁጥሮች ንጽጽር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር Q = [NH₃]² / ([N₂][H₂]³) ሲሆን፣ በማንኛውም ቅጽበት በዕቃው ውስጥ ካለው ኮንሰንትሬሽን ይሰላል። ሁለተኛው K ይህ ስሌት ሚዛን ላይ የሚይዘው ዋጋ ሲሆን፣ ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ ቋሚ ነው። Q ከ K ካነሰ ለውጡ ወደ አሞኒያ፣ ከበለጠ ወደ ኋላ ይሄዳል።

በ8 ሊትር ዕቃ ውስጥ 6 ሞል ናይትሮጅን፣ 1 ሞል ሃይድሮጅንና 1 ሞል አሞኒያ ሚዛን ላይ አሉ እንበል። ኮንሰንትሬሽናቸው በቅደም ተከተል 0.75፣ 0.125 እና 0.125 ስለሚሆን K 10.67 ገደማ ይወጣል። አሁን 2 ሞል ናይትሮጅን ይጨመር። የዕቃው ግድግዳ የማይንቀሳቀስ ከሆነ የናይትሮጅኑ ኮንሰንትሬሽን 1 ይሆናል፣ የሌሎቹ አይለወጥም፣ Q ወደ 8 ይወርዳል፣ ለውጡም ደንቡ እንዳለው ወደ አሞኒያ ያመራል። ዕቃው ግፊቱን ቋሚ የሚያደርግ ተንቀሳቃሽ ክዳን ካለው ግን ይዞታው ወደ 10 ሊትር ይሰፋል፤ ናይትሮጅኑ 0.8 ሲሆን ሃይድሮጅኑና አሞኒያው 0.1፣ 0.1 ይሆናሉ፣ Q ደግሞ ወደ 12.5 ከፍ ይላል። ስለዚህ ናይትሮጅን ተጨምሮለት ሳለ ሥርዓቱ አሞኒያ እያፈረሰ ሌላ ናይትሮጅን ይጨምራል። ይህ የሆነው ናይትሮጅን ከጋዙ ከግማሽ በላይ ስለነበረ ነው፤ የጨመረው ጥቂት ናይትሮጅን ራሱ ካስገኘው ጥቅም ይልቅ፣ ሦስት ጊዜ በሚባዛው ሃይድሮጅን ላይ ያደረሰው መቅጠን በልጧል።

ከግፊት ጋር የሚመጣው ስሕተት ደግሞ በክፍል ውስጥ ዘወትር የሚታይ ነው። ከማንም ጋር የማይዋሐደው አርጎን ይዞታው በማይለወጥ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ጠቅላላ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ደንቡን በቃሉ ያጠና ተማሪ ሚዛኑን ወዲያው ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ነገር ግን የሦስቱም ጋዞች ኮንሰንትሬሽን አልተነካም፣ Q ከ K ጋር እኩል እንደሆነ ነው፣ ሚዛኑም ከስፍራው አይነቃነቅም። ግፊቱ ቋሚ በሚሆንበት ዕቃ ግን አርጎኑ ሌሎቹን ስለሚያቀጥን ለውጡን ወደ ግራ ይወስደዋል፤ ጋዙን ደጋግመው የሚያዞሩ የአሞኒያ ፋብሪካዎች የሚጠራቀመውን አርጎን ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚያስወጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

የክዳኑ ምሳሌ ትክክል ነው፤ ግን ማን ነው አሞኒያ ሲሠራ በናይትሮጅን እንዲህ የሚያጨናንቅ? ፋብሪካ የሚያስገባው ለአንድ ናይትሮጅን ሦስት ሃይድሮጅን ነው። ደግሞም በዚያ ዕቃ ውስጥ የተለወጠው የናይትሮጅን መጠን ብቻ አልነበረም፤ ይዞታውም ሰፍቷል፣ ስለዚህ ደንቡ አልተሻረም፣ ሁለት ለውጦች እንደ አንድ ተቆጥረውበት ነው እንጂ። ደንቡን ለሚጠራጠር ሰው ቡናማው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ቀለም አልባው ዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ያሉበትን መርፌ አፉን ዘግቶ መጫን ይበቃል፤ ቀለሙ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎም ቡናማው ወደ ቀለም አልባው ስለሚለወጥ ይፈዛል።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

መርፌው ጥሩ ምስክር ነው፤ ግን የሚመሰክረው ለሁለቱም ነው። ከጎን ለሚመለከተው ሰው የፈዘዘው ቀለም ከመጫኑ በፊት ከነበረው አሁንም የጠቆረ ነው፤ ሥርዓቱ ለውጡን ቀነሰው እንጂ አልሰረዘውም፣ ብዙ ተማሪ ግን «ይቀንሳል» የሚለውን «ያጠፋል» ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለት ለውጦች እንደ አንድ ተቆጥረዋል የሚለው መልስም ይህንኑ ወገን ይደግፋል፤ ስላይዱ ይዞታው ወይስ ግፊቱ ቋሚ እንደሆነ አስቀድሞ ይናገር ማለት ነውና።

በዚህ ነጥብ ላይ ሁለቱ ተቀራርበዋል፤ በሙቀት ላይ ግን አልተስማሙም። ሁለተኛው ጸሐፊ እንደሚለው ሙቀት እንደ ሃይድሮጅን የሚጨመር ነገር አይደለም፤ ይዞታው በማይለወጥ ዕቃ ውስጥ ጋዙ በሞቀበት ቅጽበት ኮንሰንትሬሽኑ ሁሉ ባለበት ስለሆነ Q አልተነካም፣ የተለወጠው K ነው፣ ለአሞኒያም ዝቅ ብሏል። ሙቀትን ከቀስቱ በስተቀኝ መጻፍ ትክክለኛ አቅጣጫ ቢያስገኝም K እንደ ቀድሞው ነው ብሎ የሚያሰላ ተማሪን ይወልዳል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ይህን አልካደም፤ ሆኖም ሙቀትን ከቀስቱ በስተቀኝ የሚጽፈውን መስመር ከስላይዱ ሊያወጣው አልፈቀደም።