የጋዝ መኪና ትርፍ በሊትር አይለካም

ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር 100 ብርን ካለፈ ወዲህ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ካሉ ሾፌሮች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። "መኪናዬን ወደ ጋዝ ባስቀይር አያዋጣኝም?" የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው በርትቷል። የኤሌክትሪክ መኪና መግዣ የሌለው ሰው ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይዞ መላ መፈለጉ አይቀርም።

እኔ ዛሬ ባለው ሁኔታ አያዋጣም ባይ ነኝ። ጥፋቱ የቴክኖሎጂው አይደለም። ብዙዎቻችን የምናሰላው በተሳሳተ መለኪያ ስለሆነ ነው።

የማብሰያ ጋዝ፣ ማለትም ኤልፒጂ፣ ፈሳሽ ሆኖ ሲለካ ከቤንዚን ይቀላል። አንድ ሊትሩ የሚሰጠው ጉልበት የአንድ ሊትር ቤንዚንን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ "ሊትሩ ይረክሳል" ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። እኛ አገር ጋዝ የሚሸጠው በኪሎ ነው፣ አንድ ኪሎ ኤልፒጂ ደግሞ 1.4 ሊትር ቤንዚን ያህል ያስኬዳል። ከዚህ ቀላል መመዘኛ ይወጣል። 12.5 ኪሎ የሚይዘው የቤታችን ሲሊንደር ከ17.5 ሊትር ቤንዚን ጋር እኩል ነው። ባለፈው ሲሊንደሩን ያስሞላችሁበት ዋጋ 17.5 ሊትር ቤንዚን ከሚገዛው ገንዘብ በላይ ከሆነ፣ በጋዝ መንዳት ኪሳራ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሾፌር በቀን 150 ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ትበላለች። በቀን 12 ሊትር ማለት ነው። ሊትሩን 120 ብር ብንል 1,440 ብር ይሆናል። ወደ ጋዝ ቢቀይርም ሞተሩ ጠዋት እስኪሞቅ በቤንዚን ስለሚሠራ ግማሽ ሊትር ይቀርለታል። የቀረውን 11.5 ሊትር 8.2 ኪሎ ጋዝ ይተካዋል። ኪሎው 100 ብር ቢሆን የቀኑ ወጪ 880 ብር ነው፣ 560 ብር ተረፈው። ኪሎው 168 ብር ሲገባ ትርፉ ዜሮ ይሆናል። 200 ብር ከገባ በየቀኑ 260 ብር ይከስራል። ማስቀየሪያው 120,000 ብር ቢፈጅ፣ በመጀመሪያው ዋጋ ገንዘቡን ለመመለስ 214 የሥራ ቀን ያስፈልገዋል። በመሃል ጋዝ ከጠፋ ወይም ከተወደደ ስሌቱ ፈረሰ።

ሌላው ዓለም ላይ ጋዝ የሚያዋጣው በተአምር አይደለም። በአውሮፓ ብዙ አገሮች ከቤንዚን ያነሰ ታክስ ይጣልበታል። ግብፅ የራሷን የተፈጥሮ ጋዝ እያወጣች ዋጋውን መንግሥት ይተምናል፣ መሙያ ጣቢያም ዘርግታለች። እኛ ጋ ኤልፒጂ እንደ ቤንዚኑ ከውጭ በዶላር ይገባል።

የራሳችን የካሉብ ጋዝስ? የመጀመሪያው ምዕራፍ በመስከረም 2018 ተመርቋል። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ያመርታል ተብሏል። እዚህም ሊትሩ እንዳያታልለን፤ አንዱ ሊትር የቤንዚንን ሁለት ሦስተኛ ጉልበት ነው የሚሰጠው። በእጅጉ ቀዝቅዞ የሚጓጓዝ በመሆኑ የሚስማማው ለረጅም ርቀት ከባድ መኪና ነው። ለቪትዝ እንዲሆን ጣቢያ ላይ ተመልሶ ተንኖ በከፍተኛ ግፊት መታመቅ አለበት።

የታመቀ ጋዝ ደግሞ ለጉለሌ ሌላ ጣጣ አለው። ሽሮ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አስቀድሞ አጥቷል። ጋዙ ወደ ሞተሩ ሲገባ የአየሩን ቦታ ስለሚሻማ ሌላ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 15 ሊትር ቤንዚን የሚተካ ጋዝ የሚይዝ የብረት ሲሊንደር ባዶውን 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በትንሽ ሞተር አራት ሰው ጭኖ ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ይህ ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። የቤት ሲሊንደር ኮፈን ውስጥ አስቀምጦ ከሞተር ጋር ማገናኘት አይታሰብ። የመኪና ታንክ 80 በመቶ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ፣ ቱቦ ቢበጠስ ጋዙን የሚያቆም ቫልቭ አለው፣ ከሻንሲውም ጋር በብሎን ይታሰራል። የቤቱ ይህ ሁሉ የለውም። ኤልፒጂ ከአየር ይከብዳል፣ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛና አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል።

ስለዚህ ጥያቄው ከጋራዥ ሳይሆን ከመንግሥት ይጀምር። ጣቢያው የት ነው? የኪሎው ዋጋ በማን፣ ለምን ያህል ጊዜ ይተመናል? ታንኩን በየዓመቱ ማን ይመረምራል? ለእነዚህ የተጻፈ መልስ ሳይኖር መኪናውን የሚያስቀይር ሰው ከማያውቀው ዋጋ ጋር ውል እየፈረመ ነው። እስከዚያው 17.5 ሊትሯን አስታውሱ።