ባለ አራት አሃዝ ተመን ሁሉ እኩል አይደለም

 እዚህ የምንከራከረው ሁሌም በዋጋ ላይ ነው፤ ኒውዮርክ ስንት ገባ፣ ገዢው ስንት ሰጠ እያልን። ዛሬ ግን ዋጋው ካለቀ በኋላ ስላለው ነገር ላውራ። ዶላሩ ወደ ብር ሲቀየር ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች ምን ያህል ገንዘብ ይዘው ይሄዳሉ? የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ብዙዎቻችን የምንጨነቅበት ቦታ ትንሽ ያስከፍላል፣ ማንም የማያየው ቦታ ግን ሚሊዮን ያስከፍላል።

ሒሳቡን እንሥራው። ወደ ብር የሚቀየር 1,250,000 ዶላር አለን እንበል። ተመኑ ለምሳሌ ያህል 152.3468 ይሁን። ባንኮች በየቀኑ የሚለጥፉት ተመን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ አለው። ሲባዛ 190,433,500 ብር ይመጣል።

አሁን አንዱ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ቆርጦ በ152.34 ቢያሰላው 190,425,000 ይሆናል። 8,500 ብር ጎደለ። ባይቆርጥና ቢያጠጋጋው ደግሞ 152.35 ስለሚሆን 4,000 ብር ይጨምራል። ልዩነቱን ልብ በሉ። ማጠጋጋት አንዴ ለእናንተ፣ አንዴ ለሌላው ያደላል፤ በዓመት ውስጥ ይቻቻላል። መቁረጥ ግን ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፣ የሚጎዳውም ሁልጊዜ ብሩን ተቀባዩ ነው። አንድ አሃዝ ብቻ ትቶ በ152.3 ካሰላው ደግሞ ጉድለቱ 58,500 ብር ይደርሳል።

«ለ8,500 ብር ይህን ሁሉ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከ190 ሚሊዮን ውስጥ 8,500 ብር ኢምንት ነው። ከባንክ ጋር ተደራድራችሁ በዶላር 10 ሳንቲም ብታስጨምሩ 125,000 ብር ታገኛላችሁ። ስለዚህ ሦስተኛና አራተኛው አሃዝ ላይ ጊዜ አታባክኑ ብል አላፍርም። የእኔ ጭንቀት ሌላ ቦታ ነው።

ያ ቦታ የተገለበጠው ተመን ነው። አንድ ዶላር ስንት ብር ነው ከማለት ይልቅ አንድ ብር ስንት ዶላር ነው ብሎ የሚጽፍ ሰነድ አለ። ብርን መነሻ ገንዘብ አድርጎ የተዘጋጀ የሒሳብ ሶፍትዌር ተመኑን በዚህ አቅጣጫ ሊጠይቅ ይችላል። የ152.3468 ግልባጭ 0.00656397 ገደማ ነው። ሰነዱ ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ብቻ የሚይዝ ከሆነ 0.0066 ተብሎ ይቀመጣል። ላይ ላዩን ሲያዩት ይኼም ባለ አራት አሃዝ ነው፣ ያኛውም ባለ አራት አሃዝ ነው። ግን 152.3468 ውስጥ ሥራ የሚሠሩት አሃዞች ሰባት ናቸው። 0.0066 ውስጥ ከፊት ያሉት ዜሮዎች ቦታ ያዥ ብቻ ስለሆኑ የሚሠሩት ሁለቱ ስድስቶች ናቸው።

ውጤቱን እንየው። 1,250,000 ለ0.0066 ሲካፈል 189,393,939.39 ብር ይሰጣል። ከትክክለኛው 1,039,560.61 ብር ያንሳል። 2,000 አባላት ላሉት ዩኒየን በነፍስ ወከፍ ከ500 ብር በላይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ማንም ሳይሰርቅ፣ አንድ ሰው ቁጥር ስላሳጠረ ብቻ ነው። ስድስት አሃዝ ጽፎ 0.006564 ቢል ኖሮ ጉድለቱ 837 ብር ገደማ ብቻ ይሆን ነበር።

የባሰው ደግሞ 0.0066 ገበያውን ጭራሽ አያይም። እውነተኛው ተመን ከ150.38 እስከ 152.67 የትም ቦታ ቢሆን ሲገለበጥና ሲጠጋጋ ያው 0.0066 ነው። ብር በሁለት ብር ከሃያ ሳንቲም በላይ ቢንቀሳቀስም ወረቀታችሁ ላይ ዶላሩ 151.52 ላይ ተቸንክሮ ይቆያል። ተመኑ ከዚያ ከፍ ካለ አቅራቢው ይጎዳል፣ ዝቅ ካለ ላኪው ይጎዳል።

ይህ የሚከሰተው የት ነው? ባንኩ ዶላሩን ሲገዛ በሙሉ ተመኑ አባዝቶ ሊከፍል ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ወዲህ፣ ላኪው ከአቅራቢው ወይም ዩኒየኑ ከመሠረታዊ ማኅበራቱ ጋር በሚተሳሰቡበት ወረቀት ላይ ነው። ኤክሴል ሴሉ ላይ 0.0066 ብሎ ቢያሳይም ውስጡ ሙሉውን ቁጥር ይዟል። ወረቀቱ ታትሞ ሌላ ሰው 0.0066 ብሎ እንደገና ሲጽፈው ግን የተደበቁት አሃዞች እዚያው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሚሊዮኑ ያለው ባንኩ በከፈለውና ወረቀቱ ባሳየው መሐል ነው፤ ማለትም ሒሳቡን የሠራው ወገን ጋ።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ኮሚሽንና የአገልግሎት ክፍያ ከተቀነሰ መጀመሪያ መልሳችሁ ደምሩት። ከዚያ የተሰላውን ብር ለዶላሩ አካፍሉ። ውጤቱ የዕለቱን ተመን ከነአሃዞቹ ከሰጣችሁ ሰላም ነው። 152.34 ብሎ ከዚያ በኋላ ዜሮ ብቻ ከሆነ ተቆርጧል። እንደ 151.5152 ያለ ማንም ባንክ ያልለጠፈው ቁጥር ከመጣ ደግሞ 1ን ለእሱ አካፍሉት። መልሱ 0.0066 ብሎ አጭርና ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ጥፋተኛው የተገለበጠው ተመን ነው።

አውሮፓውያን ይህን ገና ዩሮ ሳይጀምሩ አስበውበታል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1103/97 የመቀየሪያ ተመኖች ስድስት ትርጉም ያላቸው አሃዞች ይኑራቸው፣ አይቆረጡ፣ አይጠጋጉ፣ ግልባጫቸውም አይሠራበት ብሎ ደነገገ። ለዚህ ነው አንድ ዩሮ 1.95583 የጀርመን ማርክና 1936.27 የጣሊያን ሊሬ የሆነው። ከነጥብ በኋላ አንዱ አምስት፣ ሌላው ሁለት አሃዝ አለው፤ ከመጀመሪያው ሲቆጠር ግን ሁለቱም ስድስት ናቸው። ቡናችንን የሚገዙን ጀርመንና ጣሊያን በዚህ ደንብ ካለፉ እኛ ደግሞ ቢያንስ በውላችን ውስጥ አንድ አንቀጽ እናስገባ።

እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ተመኑ አንድ ዶላር ስንት ብር ተብሎ፣ በባንኩ አድቫይስ ላይ እንዳለ ሳይቆረጥና ሳይጠጋጋ ይወሰዳል። ግልባጩ አይሠራበትም። የሚጠጋጋው አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻው የብር ድምር ላይ፣ ወደ ቅርቡ ሳንቲም ነው።» አድቫይሱ ራሱ ሁለት አሃዝ ብቻ ካሳየ ሙሉ ተመኑን ጠይቃችሁ አስጽፉ።

ያለፈው ወቅት መተሳሰቢያ እጃችሁ ላይ ካለ ዛሬውኑ አካፍላችሁ እዩት። መልካም የገበያ ቀን።