የነጻው ውርርድ ሒሳብ

ከአዲ አርቃይ ወደ ደባርቅ በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ስልክ አንዳንድ ስፍራ ኔትወርክ ያጣል። ባለፈው ዕረፍት ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ ዳገቱን ጨርሶ ደባርቅ እንደ ገባ ስልኩ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ጮኸ። እናቱ መስለውት ነበር። ሦስቱም መልእክት ግን የመጣው ከአንድ የውርርድ ድርጅት ነው፤ 100 ብር ቢያስገባ 100 ብር እንደሚጨመርለት፣ ስጦታውም እኩለ ሌሊት ላይ እንደሚቃጠልበት ይነግረዋል። ልጁም ማሽላ ተሸጦ ከተሰጠው ገንዘብ 100 ብር በዚያው ምሽት አስገባ። በወሩ መጨረሻ የፎቶ ኮፒ ዕዳውን ያዋጣንለት እኛ ነን።

እንግዲህ ይህን ስጦታ አብረን እንመርምረው። በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ውል፣ ስጦታው ወጪ ከመደረጉ በፊት አሥር ጊዜ መጫወት እንዳለበት፣ እያንዳንዱም ትኬት አራት ግጥሚያ መያዝ እንዳለበት ይላል። የማሸነፍና የመሸነፍ ዕድሉ እኩል ለሆነ ጨዋታ ትክክለኛው ኦድ 2.00 ነው። ቤቱ ግን 1.90 ይጽፋል፤ ትርፉም ያቺ ልዩነት ናት። ለአንድ ጨዋታ ትንሽ ትመስላለች። አራቱ በአንድ ትኬት ሲጣመሩ ግን ሁሉም የመሳካታቸው ዕድል ከ16 አንድ ሲሆን፣ ክፍያው 13 እጥፍ ብቻ ነው። አሥር ጊዜ 100 ብር የመደበ ሰው 1,000 ብር አስይዞ በአማካይ 815 ብር ያህል ይመለስለታል፤ 185 ብር ቀረ ማለት ነው። ስጦታው 100 ብር ነበር። የቀረው 85 ብር ከማሽላው ዋጋ ላይ የሚወጣ ነው። አንዳንድ ዕድለኛ 13 እጥፉን ያገኝ ይሆናል፤ ፎቶግራፉ በየመኝታ ቤቱ የሚዞረውም የእርሱ ትኬት ነው።

«ነጻ ውርርድ» የሚባለውም እንደዚሁ ነው። በ50 ብር ነጻ ትኬት በ1.90 ኦድ ያሸነፈ ሰው የሚደርሰው 95 ብር ሳይሆን 45 ብር ነው፤ መደቡ አይመለስምና።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ወንድ ልጅ ራሱን ይገዛል፣ ስልኩ ምን አደረገ?» ይሉናል። እኛ አንስማማም። መልእክቱ የሚላከው ቅዳሜ ግጥሚያ ሊጀመር ሲል፣ ወይም ሰውየው ለጥቂት ቀን ሳይጫወት ሲቀር ነው፤ ሰዓቱ የተመረጠ ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ፣ በየኪሳችን ያለውን ቤት ግን ማንም አላሸገውም። ስለዚህ ማሸግ የእኛው ሥራ ነው።

መዝጋትም ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ከምንጩ ነው፤ በድርጅቱ ገጽ ገብቶ በራስ መዝገብ ውስጥ የማስታወቂያ ፈቃድ የተሰጠበትን ምልክት ማጥፋት። ብዙ ጊዜ ስንመዘገብ ሳናነብ ያለፍነው ነው። በአጭር ቁጥር ለሚመጣ የጽሑፍ መልእክት ወደዚያው ቁጥር `STOP` ብሎ መላክ ይሞከራል። ላኪው በቁጥር ፈንታ ስም ከሆነ መልስ አይቀበልምና፣ መልእክቱን ጫን ብሎ ይዞ `Block` ማለት ነው። የቴሌግራሙን ቻናል ደግሞ `Leave channel` ብሎ መሰናበት ነው።

ሁለተኛው በራስ ስልክ በር ላይ ነው። በአንድሮይድ `Settings`፣ ከዚያ `Apps`፣ ከዚያ የድርጅቱ ስም፣ ከዚያ `Notifications` ተብሎ ይዘጋል። ከአንድሮይድ 13 ወዲህ አዲስ መተግበሪያ ማሳወቂያ ለመላክ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መልሱ `Don't allow` ነው። «ብዘጋው ያሸነፍኩት ሲከፈል በምን አውቃለሁ?» ለሚል፣ ወደ ቴሌብር የገባ ገንዘብ በራሱ የጽሑፍ መልእክት ይነገራል።

ወንድማችን ይህን ሁሉ አድርጎ፣ መተግበሪያውንም ጨርሶ አጥፍቶ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልኩ እንደ ገና ጮኸ። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል፣ ማሳወቂያውን በጣቱ ጫን ብለን ይዘን ላኪው ማን እንደሆነ አየን፤ `Chrome` ይላል። ለካስ አንድ ቀን በድርጅቱ ገጽ ላይ `Allow` የሚለውን ነክቶ ኖሯል፤ ያ ፈቃድ ከመተግበሪያው ጋር አይጠፋም። በ`Chrome` ውስጥ `Settings`፣ `Site settings`፣ `Notifications` ብንል የገጹ ስም ከነአድራሻው ተቀምጦ አገኘነው፤ ዘጋነውም።

ትኬታቸውን ፎቶ እያነሡ ወደ መኝታ ቤታችን ቡድን የሚልኩትን ወንድሞቻችንን የሚዘጋ ቁልፍ ግን አላገኘንም፤ እነርሱን በአፍ ለምነናል።