ለሻይ የምናፈላውን ወተት ለእርጎ ለምን አናፈላውም?



«ወተት ሳይፈላ አይጠጣም» ብል የሚከራከረኝ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ለሻይ የሚሆነውን እናፈላለን፣ ለሕፃን የሚሰጠውንም እናፈላለን። ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ያው ወተት፣ ከዚያችው ላም የታለበ፣ በዚያው የሃይላንድ ጠርሙስ የመጣ፣ ለእርጎ ሲሆን ግን እሳት ሳያይ ቅል ውስጥ ይገባል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ሲረጋ በማንኪያ እንበላዋለን፣ ለልጅም እንሰጣለን። ክርክሬ ከዚህ ልማድ ጋር ነው።

በጥሬ ወተት የሚመጣ በሽታ ብዙ ነው፤ እኔ ዛሬ ሁለቱን ብቻ ላንሳ። አንዱ ብሩሴሎሲስ ነው። ላሟን ያስጨነግፋታል፣ አብዛኛውን ጊዜ እርግዝናዋ አምስት ወር ካለፈ በኋላ። አስቸጋሪው ነገር ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ላሟ አንዴ ከጣለች በኋላ ብዙ ጊዜ ደህና ትሆናለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ በደንብ ትወልዳለች፣ በደንብ ትታለባለች። ጀርሙ ግን ጡቷ ውስጥ ተቀምጦ በወተቷ ለዓመታት ሊወጣ ይችላል። ወተቱ አይሸትም፣ አይቀጥንም፣ ቀለሙ አይለወጥም። «የእኔ ላም ጤነኛ ናት፣ እኔው ራሴ ነኝ የማልባት» የሚለውን መልስ ስሰማ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ፍየል ላይ ያለው የብሩሴላ ዓይነት ደግሞ ሰው ላይ ከላሟም የከፋ ነው፤ የፍየልና የግመል ወተት በጥሬው በሚጠጣበት በቦረና፣ በአፋርና በሶማሌ በኩል ያላችሁ ይህን ልብ በሉልኝ።

ሰው ላይ ምን ይመስላል? የማውቃቸውን አንድ አባወራ ላንሳ። ሱሉልታ አካባቢ ሁለት ዲቃላ ላሞች አሏቸው። ማታ ማታ ትኩሳት ይመጣባቸዋል፣ ሌሊት በላብ ይጠመቃሉ፣ ጠዋት ደህና ሆነው ሥራ ይሄዳሉ። ጥቂት ቀን ይተዋቸውና እንደገና ይጀምራቸዋል። ወገባቸውንና ዳሌያቸውን ያማቸዋል። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጣቸው፤ ትንሽ ተሻላቸው፣ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰባቸው። ሌላ ቦታ ሄደው እንደገና ታይፎይድ ተባሉ። ለወገባቸው ደግሞ «ብርድ ነው» ተብለው ታሹ። ሦስተኛ የሄዱበት ሐኪም ነው «ከብት አለዎት ወይ? የጣለች ላም ነበረች ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው። ነበረች። አንደኛዋ ባለፈው ዓመት በሰባት ወሯ ጥላለች፤ አሁን ግን ከሁለቱ የተሻለ የምትታለበው እሷ ናት። ደማቸው ተመርምሮ ብሩሴሎሲስ ሆኖ ተገኘ። ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ለስድስት ሳምንት ዋጡ። ስድስት ሳምንት! ይህ ጀርም የሰውነት ሴል ውስጥ ስለሚደበቅ በአንድ መድኃኒት ወይም በአንድ ሳምንት አይነቀልም፤ ተሻለኝ ብሎ መሃል ላይ ያቋረጠ ሰው ላይ ተመልሶ ይመጣል።

እኚህ ሰው ቤት ጥሬ ወተት አይጠጣም ነበር። ባለቤታቸው ወተቱን ሁልጊዜ ያፈላሉ። እርጎው ግን ከጥሬው ነበር የሚረጋው። ላሟን የሚያዋልዱትም እሳቸው ነበሩ፤ ስለዚህ በየትኛው በኩል እንደያዛቸው አይለይም። ወደዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው የከብት ቲቢ ነው። በሳል ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፈው ቲቢ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ በወተት ሲገባ ግን ከሳንባ ይልቅ የአንገት እጢና አንጀት ላይ መቀመጥ ይወዳል። እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። አገራችን ውስጥ የአንገት እጢ ቲቢ ብዙ ነው፣ ለረጅም ጊዜም «የወተት ጣጣ ነው» ሲባል ኖሯል። ጀርሙ ተለይቶ ሲመረመር ግን አብዛኛው የሰው ቲቢ ሆኖ ነው የተገኘው። ስለዚህ አንገቱ ላይ እጢ የወጣበትን ሰው ሁሉ ላም አይተን አንፍረድ። በሌላ በኩል ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በመሃል አገር ባሉ የወተት እርባታዎች ከተመረመሩት የፈረንጅና ዲቃላ ላሞች 30 በመቶ ያህሉን ቲቢ እንዳለባቸው አሳይቷል። ገጠር ያለችው የሐበሻ ላም ላይ በጣም ያነሰ ነው። የከተማ ሰው የሚገዛው ወተት በአብዛኛው ከነዚህ ዲቃላዎች ነው፤ የአሥር ላም ወተት በአንድ በርሜል ሲቀላቀል ደግሞ የአንዷ ችግር የሁሉም ይሆናል። በዚህ ላይ የከብቱ ቲቢ ከተለመዱት አራቱ የቲቢ መድኃኒቶች አንዱን፣ ፓይራዚናማይድን፣ በተፈጥሮው ይቋቋማል።

እንግዲህ ወደ እርጎው። «መኮምጠጡ ይገድለዋል» የሚል እምነት አለ። ኮምጣጣነት አንዳንድ ጀርም ያዳክማል፣ እውነት ነው። ብሩሴላ ግን በእርጎና በለስላሳ አይብ ውስጥ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት በሕይወት ይቆያል። የቲቢው ጀርም ደግሞ ሰም የመሰለ ሽፋን ስላለው ከእሱም የባሰ ጠንካራ ነው። ቅሉን በወይራ ማጠንስ? ሽታው የት ይገኛል፣ እኔም እወደዋለሁ። ጭሱ የዕቃውን ግድግዳ ያጸዳል፣ ወተቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። ከላሟ ጡት ጀምሮ ወተቱ ውስጥ ያለውን ጀርም ግን አያገኘውም። ፍሪጅም አይገድልም፤ እንዲያውም ቀዝቃዛ ብሩሴላን ያቆየዋል።

የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ያውም ብዙ ሳያስቸግር። ፋብሪካ ውስጥ ወተት ፓስቸራይዝ የሚደረገው በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ወይም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው፤ ሁለቱም በሽታዎች በዚያ ይሞታሉ። አንድ ጎበዝ ተማሪ በአንድ ወቅት «እኛ ደጋ ላይ ስለሆንን ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ ታዲያ ማፍላታችን ይበቃል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ከ72 ግን አሁንም በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ ይበቃል።

የሚያሳስተው ከፍታው ሳይሆን አረፋው ነው። ወተት ሲሞቅ ላዩ ላይ ቀጭን ቆዳ ይሠራል፤ እንፋሎቱ ከሥሩ ሲታፈን አረፋው ብድግ ብሎ ይገነፍላል። እኛ ደግሞ ምድጃው እንዳይቆሽሽ ሮጠን እናወርደዋለን፣ ፈላ እንላለን። በዚያች ሰዓት ታቹና ዳርዳሩ በጣም ግሎ መሃሉ ገና ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ድስቱ ትልቅ ከሆነና ካልተማሰለ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው እያማሰልኩ አሞቀዋለሁ። ሲገነፍል እሳቱን እቀንሳለሁ እንጂ አላወርደውም። ከዚያ እያማሰልኩ አንድ ሁለት ደቂቃ ከሥሩ እየተንፈቀፈቀ እንዲቆይ አደርጋለሁ። በቃ። ግማሽ ሰዓት መቀቀል አያስፈልግም፤ ያረጀዋል፣ ያቃጥለዋል። «ንጥረ ነገሩ ይጠፋል» ለሚሉኝ፦ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ የትም አይሄድም። የሚቀንሰው ጥቂት ቪታሚን ነው። ከዚያ በኋላ ወተቱን ጥሬው በነበረበት ጆግ መልሶ መገልበጥ ግን ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል፤ ንጹሕ ዕቃ ይኑር፣ ክዳን ይኑረው።

አሁን እናቶች የሚሉኝን አውቃለሁ፦ «የፈላ ወተት አይረጋም።» ልክ ናቸው! ጥሬ ወተት የሚረጋው ከራሱ ጋር በመጡ ደህና ጀርሞች ነው፤ ስናፈላው ክፉውም ደጉም አብሮ ይሞታል። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ከመርጋት ይልቅ ሊመርና ሊበላሽ ይችላል። መፍትሔው እንደ እንጀራው ነው፣ እርሾ። የፈላውን ወተት አብርዱት፤ ንጹሕ የታናሿን ጣት ስትነክሩበት ሞቅ ብሎ የማያቃጥል ሲሆን ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ጨምራችሁ አማስሉ። ክዳኑን ገጥማችሁ በፎጣ ጠቅልሉት፤ ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ በጋቢ። ማታ የተደረገ ጠዋት ይደርሳል። የመጀመሪያው እርሾ ግን ከጥሬ ወተት የረጋ እርጎ መሆን የለበትም፤ ያባረርነውን ጀርም በማንኪያ መልሰን እናስገባዋለን። ከሱቅ ስኳር የሌለበት የፋብሪካ እርጎ ግዙና በሱ ጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ ከራሳችሁ እርጎ ጥቂት እያስቀራችሁ ትቀጥላላችሁ። የሚያስደስተው ደግሞ የፈላ ወተት እርጎ ከጥሬው ይወፍራል፣ ውሃውንም ቶሎ አይለቅም። ሙቀቱ የወተቱን ፕሮቲን ስለሚያያይዘው ነው።

ስለ ቅቤና አይብ ባጭሩ። ንጥር ቅቤ እሳቱን ስላገኘ ችግር የለበትም። ከጥሬ ወተት የተናጠ ለጋ ቅቤን ዳቦ ላይ ቀብቶ መብላትና አሬራውን እንዲሁ መጠጣት ግን ያው ጥሬ ወተት መጠጣት ነው። አይብም ለብ ተደርጎ ብቻ የተሠራ ከሆነ አልዳነም፤ አሬራው በደንብ ይሙቅ። በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ፓስቸራይዝድ ወተት ሳይቀዘቅዝ ካልዋለ በቀር እንደገና መፍላት አያስፈልገውም።

የሱሉልታውን ሰውዬ አልረሳሁም። ማፍላት የሚያድነው የሚጠጣውን እንጂ የሚያልበውንና የሚያዋልደውን አይደለም። ላም ስትጥል ጀርሙ ከሁሉም በላይ የሚበዛው በፅንሱ፣ በእንግዴ ልጁና በፈሳሹ ውስጥ ነው፤ በተቆረጠ ጣት ይገባል፣ ዓይን ውስጥ በተረጨ ጠብታ ይገባል። ነፍሰ ጡር አትጠጋው። ጓንት ከሌለ ያልተቀደደ ፌስታል እጅ ላይ አጥልቃችሁ፣ ውሻ እንዳይጎትተው በጥልቁ ቅበሩት፤ የእንስሳት ሐኪም ጠርታችሁም የላሟን ደም አስመርምሩ። የቲቢው ምርመራ ደግሞ አንገቷ ቆዳ ላይ ተወግቶ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ የሚለካ ስለሆነ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ መምጣት አለበት። አንድ ቀን መጥቶ ወዲያው «ነፃ ናት» የሚላችሁ ካለ አልመረመራትም ማለት ነው።