«ይቅርታ» ብቻውን ፈተና አያሳልፍም

እህቶቼ፣ ሰሞኑን ስንገናኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ቤት ሆኖ በቻትና በኢሜይል ደንበኛ ስለማስተናገድ ሥራ ነው። እኔ ፈተናውን አንዴ ወድቄ በሁለተኛው አልፌዋለሁ። የወደቅኩበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አረብኛዬን ተማምኜ ነበር። ግን የእኛ አረብኛ የማድቤት ነው፤ እንናገረዋለን እንጂ አንጽፈውም። ይህ ሥራ ደግሞ ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ተፈተንኩ።

ፈተናው እንዲህ ነበር። አንዲት ደንበኛ «ጫማ ካዘዝኩ 10 ቀን ሆነኝ፣ አልመጣም፣ ገንዘቤን መልሱ!» ብላ ጽፋለች። አጠገቡ የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ አለ፦ ገንዘብ የሚመለሰው ከ14 ቀን በኋላ ነው። እኔ ደንግጬ «በጣም ይቅርታ፣ ዛሬውኑ እንመልስልዎታለን» ብዬ ጻፍኩ። ወደቅኩ። ለካ የሚፈትኑት ትህትናን ብቻ አይደለም፤ መመሪያ ማንበብንና ያልተፈቀደልሽን ቃል አለመግባትን ጭምር ነው።

በሁለተኛው ፈተና ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣ እንዲህ መለስኩ፦ «10 ቀን ሙሉ ስለጠበቁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እባክዎ የትዕዛዝ ቁጥርዎን ይላኩልኝ፣ ዕቃው የት እንደደረሰ አሁኑኑ አያለሁ። እስከ 14ኛው ቀን ካልደረሰ ገንዘብዎ እንዲመለስ ጥያቄውን አስገባለሁ።» በቃ። ችግሯን እንደሰማሁ፣ ምን እንደምፈልግ፣ ምን እንደማደርግና መቼ እንደሆነ ተናገርኩ። «ይረጋጉ» የሚል ቃል ግን አትጻፉ፤ የተናደደን ሰው የባሰ ያናድዳል።

ለልምምድ በየማታው አንድ የተናደደ መልእክት ፈጥራችሁ በስልካችሁ መልሱ። ከኢሜይል ጀምሩ፤ አስቦ ለመጻፍ ጊዜ ይሰጣል። ቻት ላይ ግን ሁለት ሦስት ሰው በአንዴ ይጠብቃል፤ ፈጥኖ መተየብ ይፈልጋል። ብዙዎቹም ስልክ ሳይሆን ኮምፒውተርና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይጠይቃሉ።

ፈረቃውንም አስሉ። የኒውዮርክ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በእነሱ የሙቀት ወራት፣ ለሪያድም ለአዲስ አበባም ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ስምንት ሰዓት ሲሠራ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። ብርዳቸው ሲገባ አንድ ሰዓት ይገፋል። ሰው ቤት ለምታድር ልጅ ይህ ማለት እንቅልፏን መሸጥ ነው። የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ስትይዙም «3 ሰዓት» ብቻ አትበሉ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የየት ከተማ ሰዓት እንደሆነ ጨምራችሁ ጻፉ።

አንድ ነገር አደራ። «መመዝገቢያ» ወይም «ማሠልጠኛ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ፓስፖርታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ የሚል ሁሉ፣ ገና ሳይፈትናችሁ ከሆነ ሌባ ነው ብላችሁ ዝጉት። ደግሞም መኖሪያ ፈቃዳችን በከፊላችን ስም ነው፤ ሳያውቅ ለሌላ መሥራት ቅጣት፣ ከዚያም አልፎ ከአገር መባረር ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ ነው እኔ ፈተናውን አልፌም ሥራውን የምጀምረው ውሌን ጨርሼ አገሬ ስገባ የሆነው። እዚህ እያለን መለማመድ ግን ማንም አይከለክለንም።