ዘግይቶ የሚጀምር ቆጣቢ የሚያጣው የትኛውን አሥር ዓመት ነው?

ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤ መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው የባንክ ቅርንጫፍ ሳያይ ብዙ አይራመድም። የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ወጣት ከእነዚህ ቅርንጫፎች ወደ አንዱ ገብቶ የቁጠባ ሒሳብ ሲከፍት ወለዱ በዓመት 7 በመቶ እንደሆነ ይነገረዋል እንበል። ወጣቱ በልቡ ያሰላል፤ 1,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ የሚያስገኘው 70 ብር ነው። ገንዘቡ ትንሽ ስለሚመስለው ቁጠባውን ደመወዙ እስኪጨምር ያቆየዋል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት ትክክል ነው። ስሕተቱ የመጀመሪያውን ዓመት ለአርባው ዓመት መለኪያ ማድረጉ ላይ ነው።

የባንክ ቁጠባ ወለድ ከዓመት ዓመት በዋናው ገንዘብ ላይ ብቻ የሚታሰብ ቢሆን ኖሮ ወጣቱ ባልተሳሳተ ነበር። በየዓመቱ 70 ብር እየተጨመረ 1,000 ብሩ በ40 ዓመት 3,800 ብር ይሆናል። ይህ ቀላል ወለድ ይባላል። በጥምር ወለድ ግን የመጀመሪያው ዓመት 70 ብር በሒሳቡ ውስጥ ይቀርና በሁለተኛው ዓመት እሱም ወለድ ይወልዳል። ስለዚህ ሁለተኛው ዓመት የሚጀምረው በ1,070 ብር ነው፤ መጨረሻው 1,144 ብር ከ90 ሳንቲም፣ የሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ደግሞ 1,225 ብር ከ4 ሳንቲም ይሆናል። ከቀላሉ ወለድ ጋር ያለው ልዩነት እስከዚህ ድረስ 15 ብር ብቻ ነው። ሰው ትዕግሥቱን የሚጨርሰውም በዚህ ወቅት ነው፤ የጥምር ወለድ ጉልበት ገና አልታየምና።

ጉልበቱ የሚታየው ዓመታቱ በአሥር በአሥር ሲቆጠሩ ነው። ያው 1,000 ብር በ7 በመቶ በ10 ዓመት 1,967 ብር፣ በ20 ዓመት 3,870 ብር፣ በ30 ዓመት 7,612 ብር፣ በ40 ዓመት 14,974 ብር ይሆናል። በየአሥር ዓመቱ ገንዘቡ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ይህን ያለ ሒሳብ ማሽን ለማወቅ የሚረዳ የቆየ ዘዴ አለ፤ 72ን ለወለዱ መጠን ማካፈል ነው። 72 ለ7 ሲካፈል ከ10 ጥቂት ይበልጣል፤ ገንዘቡ እጥፍ ለመሆን የሚፈጅበት ዓመትም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚያልፍ ነገር አለ። በመጀመሪያው አሥር ዓመት የተገኘው ጭማሪ 967 ብር ሲሆን በመጨረሻው አሥር ዓመት የተገኘው 7,362 ብር ነው። በ20 ዓመቱ ፈንታ በ30 ዓመቱ ለመጀመር የሚወስን ሰው የተወው የመጀመሪያውን፣ ማለትም ትንሹን አሥር ዓመት ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ማንኛውም ቆጣቢ የሚጀምረው ከመጀመሪያው አሥር ዓመት ነው፤ በ30 ዓመቱ ቢጀምርም በ967 ብሩ ውስጥ ማለፉ አይቀርም። 60 ዓመት ሲሞላው የሚጎድልበት የመጨረሻው አሥር ዓመት ነው። የመዘግየት ዋጋ 967 ብር ሳይሆን 7,362 ብር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን በወር ቁጠባ ለማየት በፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚኖሩ መንትያ እህትማማቾችን በምሳሌ ማሰብ ይቻላል። አንደኛዋ ከ20 ዓመቷ ጀምሮ በወር 1,000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር እየቆጠበች 30 ሲሞላት ማስቀመጡን ታቆማለች፤ ያጠራቀመችውን ግን አትነካውም። ሁለተኛዋ በ30 ዓመቷ ትጀምርና እስከ 60 ዓመቷ ለ30 ዓመት ያንኑ ያህል ትቆጥባለች። ስሌቱ እንዲቀል የየዓመቱ ቁጠባ በዓመቱ መጨረሻ እንደገባና ወለዱም 7 በመቶ እንደሆነ ይያዝ። አንደኛዋ ከኪሷ ያወጣችው 120,000 ብር ነው፤ ሁለተኛዋ ያወጣችው 360,000 ብር ነው። ሁለቱም 60 ዓመት ሲሞላቸው ግን አንደኛዋ ወደ 1,262,000 ብር ሲኖራት ሁለተኛዋ ያላት ወደ 1,133,500 ብር ነው። ሦስት እጥፍ የቆጠበችው እህት አሥር ዓመት ቀድማ የጀመረችውን አልደረሰችባትም።

የወለዱ መጠንም የጊዜን ያህል ይወስናል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ሁለት በመቶ በአንድ ዓመት ለ1,000 ብር ሃያ ብር ብቻ ነው። በ40 ዓመት ግን በ5 በመቶ የተቀመጠው 1,000 ብር 7,040 ብር ላይ ሲቆም በ7 በመቶ የተቀመጠው ወደ 15,000 ብር ይጠጋል። ስለዚህ ወጣት ቆጣቢ በጥቂት ነጥብ ልዩነት መከራከሩ ንፉግነት አይደለም።

ሆኖም እጥፍ ድርብ የሚሆነው ቁጥር በደብተሩ ላይ እንዲታይ መሟላት ያለበት ነገር አለ፤ ወለዱ ከሒሳቡ መውጣት የለበትም። በየካ በስተሰሜን የሚታየው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ቡቃያውን ገና ከመውጣቱ የሚመለምል ሰው ጉቶ አለው እንጂ ዛፍ የለውም። በየዓመቱ ወለዱን ብቻ እያወጣ ዋናውን የሚተው ቆጣቢም እንዲሁ ነው፤ ገንዘቡ በቀላል ወለድ ላይ ይቀራል። በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ላይ ይህ ሳይታወቅ ሊደርስ ይችላል። ውሉ ወለዱ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲገባ የሚል ከሆነ ዋናው ባለበት ይቆማል፤ ስለዚህ ወለዱ ከዋናው ጋር እንዲደመር በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በባንክ ቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ጥሏል። በዚህ ስሌት 10,000 ብር በ7 በመቶ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ሲቀመጥ 700 ብር ይወልዳል፤ 35 ብር ግብር ተቀንሶ 665 ብር ይገባል። በሁለተኛው ዓመት ወደ 709 ብር መግባት አለበት። ወለዱ በየወሩ የሚታሰብ ከሆነ መጠኑ ጥቂት ከፍ ይላል፤ የግብሩ ምጣኔ ከተለወጠም ቁጥሩ አብሮ ይለወጣል። የማይለወጠው መመዘኛ ግን ገንዘቡ ካልተነካና የወለዱ መጠን ካልቀነሰ የሁለተኛው ዓመት ወለድ ከመጀመሪያው መብለጥ እንዳለበት ነው። እኩል ሆኖ ከተገኘ ወለዱ ወለድ እየወለደ አይደለምና ቅርንጫፉን መጠየቅ ይገባል።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ብርን በብር የቆጠረ ነው። የኢትዮጵያ ቆጣቢ ግን ብሩ የሚገዛውንም መቁጠር ይኖርበታል፤ ዋጋም እንደ ወለድ ባለፈው ላይ እየተደረበ ያድጋልና። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ለምሳሌ ንረቱ ለአሥር ዓመት በ15 በመቶ ቢቆይ ዛሬ 1,000 ብር የሚሸጥ ዕቃ ያኔ 4,046 ብር ይሆናል። በ7 በመቶ የተቀመጠው 1,000 ብር ግን 1,967 ብር ብቻ ስለሚሆን የዕቃውን ግማሽ እንኳ አይገዛም። የ72ቱ ዘዴም ይህንኑ ያሳያል፤ ዋጋ በአምስት ዓመት ገደማ እጥፍ ሲሆን ገንዘቡ አሥር ዓመት ይፈልጋል። ቀድሞ መጀመር በእንዲህ ያለ ጊዜ ኪሳራውን ቀድሞ መጀመር ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ተነሥቶ ቁጠባ ከንቱ ነው ማለት ግን አይቻልም። በዚያው ምሳሌ ገንዘቡን በቤቱ ያስቀመጠ ሰው ከዕቃው ሩብ ያህሉን ብቻ ይገዛል፤ ባንክ ያስቀመጠው ግማሽ ገደማ ይገዛል። እቁብም ቢሆን፣ ሰውን በቀጠሮ እንዲቆጥብ በማስገደድ ወደር የሌለው ሆኖ ሳለ፣ የሚመልሰው የገባውን ያህል እንጂ ወለድ የለውም። ትክክለኛው መደምደሚያ ገንዘብን እንደሚፈለግበት ጊዜ መለየት ነው። ለሕመምና ለቤት ኪራይ መጠባበቂያ የሚሆነው በተራ ቁጠባ ይቀመጥ፤ አሥርና ሃያ ዓመት የማይነካው ደግሞ የተሻለ ወለድ ወደሚከፈልበት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወይም፣ የኪሳራ አደጋውን አውቆ መሸከም ለሚችል ሰው፣ ወደ አክሲዮን ይሂድ። በሃይማኖት ምክንያት ወለድ የማይቀበል ቆጣቢም ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት የሚያገኘውን የትርፍ ድርሻ ሳያወጣ ሲያቆየው ያው የመደራረብ ሕግ ይሠራለታል።

ከእንጦጦ ጋራ እንጨት ተሸክማ ለምትወርድ፣ ገቢዋም ከዕለት ጉርሷ ለማያልፍ ሴት ቀድመሽ ጀምሪ ማለት ምክር ሳይሆን ወቀሳ ይሆናል። ምክሩ የሚመለከተው በወር 1,000 ብር ማስተረፍ እየቻለ ገንዘቡ ትንሽ ነው ብሎ የሚያቆየውን ነው። ለእሱ ደግሞ ኃላፊነቱ የራሱ ብቻ አይደለም። ባንኮች ሒሳብ ለሚከፍት ሰው ከሚሰጡት ወረቀት ጋር አራት ነገሮችን በግልጽ ቢያሰፍሩ ይገባል፤ ግብር ከተቀነሰ በኋላ የሚደርሰውን ወለድ፣ ወለዱ ወደ ዋናው የሚደመርበትን ቀን፣ 1,000 ብር በ10፣ በ20፣ በ30 እና በ40 ዓመት የሚደርስበትን፣ እንዲሁም በቅርቡ የታወጀውን የዋጋ ንረት። በኮተቤ መንገድ ቆሞ ለነገ የሚያቆይ ወጣት ይህን አንድ ገጽ ቢያነብ የሚያመዛዝነው 70 ብሩን ሳይሆን የመጨረሻውን አሥር ዓመት ይሆናል።